በአምስቱ ዓመት የታየው የሽምቅ ውጊያ ስሌት

የሽምቅ ውጊያ በመሣሪያ፣ በሰው ቁጥርና በገንዘብ የሚያንሰው ወገን የሚመርጠው የአዋጋግ ስልት ነው። መደበኛ ጦር ከተማ፣ መንገድና ድልድይ ይዞ፣ የጠላቱን ዋና ኃይል በአንድ ወይም በሁለት ታላላቅ ውጊያዎች ሰብሮ ጦርነቱን ሊዘጋ ይፈልጋል። ሽምቅ ተዋጊው ይህን ዕድል ይነፍገዋል። ጠላት በበረታበት ቦታ አይገኝም፤ በሳሳበት ቦታ በድንገት ይመታል፣ እርዳታ ሳይደርስ ይበተናል፣ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ይሰበሰባል። መሬት መልቀቅ አያሳፍረውም፣ መሸሽም እንደ ሽንፈት አይቆጠርበትም። ሊያጣው የማይችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ተዋጊዎቹ፣ ሌላው የሚያበላውና የሚደብቀው ሕዝብ።

ነገሩ ከጀግንነት ይልቅ በሒሳብ በኩል ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአረብ አማፅያን ጋር ሆኖ ቱርኮችን የተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን ቲ. ኢ. ሎረንስ ስሌቱን በጽሑፍ ትቶታል። አመፁ የተነሣበት አገር ስፋት 140 ሺህ ስኩዌር ማይል ያህል ነበር። ቱርኮች ይህን ሁሉ ሊጠብቁ ቢፈልጉ በየ4 ስኩዌር ማይሉ አንድ ምሽግ ያስፈልጋቸዋል፤ ምሽጉም ከ20 ሰው ባነሰ አይያዝም። ሲባዛ ከ600 ሺህ የማያንስ ወታደር ይጠይቃል። ቱርኮች የነበራቸው 100 ሺህ ያህል ነበር። ስለዚህ የሎረንስ ሰዎች ከተሞቹን ከመክበብ ይልቅ ወደ መዲና የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ በየቦታው እየቆረጡ፣ ጦሩ ሐዲዱን ሲጠግንና ሲጠብቅ እንዲኖር አደረጉት።

ያው ስሌት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመንም ይሠራል። ኢጣልያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1932 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የነበራት ጦር፣ ጣልያኑና ከቅኝ ግዛት የተመለመለው አስካሪ አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ ከ250 ሺህ በላይ ነበር። የያዘችው አገር፣ ኤርትራና ሶማሊያ ተጨምረው፣ 1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጦሩ በእኩል ቢበተን ለሰባት ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርሰው አንድ ወታደር ገደማ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሾፌሩ፣ ጸሐፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ የመጋዘን ጠባቂውና ሕመምተኛው አሉ። ስለዚህ ጦሩ ከተሞቹንና ዋና ዋና መንገዶቹን ያዘ፤ የቀረው አገር የሚታዘዘው ወታደር ሲመጣ ብቻ ሆነ።

የኢትዮጵያ አርበኞች ግን ይህን ስልት ከመጀመሪያው አልያዙትም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ታሪክ የሚያሳየው መደበኛ ያልሆነ ጦር እንደ መደበኛ ጦር ሲዋጋ ምን እንደሚገጥመው ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በመድፍ፣ በመትረየስና በአውሮፕላን ፊት በግልጽ ሜዳ ተዋግቶ ተፈታ። ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ በሸዋ የቀሩት መኳንንት ዋና ከተማዋን መልሰው ለመያዝ ዘመቱ። ከመሪዎቹ መካከል የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን፣ አበበ አረጋይ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ሽማግሌው ደጃዝማች ባልቻ ነበሩ።

ሐሳቡ ድፍረት ነበረው። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ጭቃው የጣልያንን ካሚዮን አስሯል፣ ደመናው አውሮፕላኑን ያስቸግራል፣ በከተማው ያለው ጦርም ብዙ አይደለም። ጥቃቱ ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ እንዲጀመር ተወሰነ። ይህ ዓይነት ዕቅድ ግን ሬዲዮ ይፈልጋል፤ አርበኞቹ የነበራቸው መልእክተኛ ብቻ ነበር፣ መልእክተኛውንም ሆነ ጦሩን የሞላው ወንዝ አገደው። አንዱ ጦር ከተማ ውስጥ ገብቶ ሲዋጋ ሌላው ገና በመንገድ ነበር። ጣልያኖቹ መትረየሳቸውን ከአንዱ በር ወደ ሌላው እያዛወሩ ሁሉንም በየተራ መለሱ። አቡነ ጴጥሮስ በማግስቱ ተረሸኑ። የካሣ ልጆች ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው ተማረኩ፤ ራስ ደስታም በደቡብ ብዙ ወር ከተዋጉ በኋላ የካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

እነዚህ ሁሉ የሚመሩት ብዙ ሺህ ሰው ያለበትን፣ ጓዝና ቤተሰብ የሚከተለውን፣ ከሩቅ የሚታይ ጦር ነበር። እንዲህ ያለ ጦር መደበቅ አይችልም፤ በቀላሉም ይራባል። አውሮፕላን ያየዋል፣ ሞተር ያለው ጦር ይቀድመዋል። ከአዲስ አበባው ጥቃት ተርፈው እስከ መጨረሻው የዘለቁት አበበ አረጋይ የወሰዱት ትምህርት ይህን ይመስላል። ከዚያ በኋላ በሸዋ የተዋጉት ጥቂት መቶ ሰው እየያዙ፣ ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ፣ ከዚያም ወደ ቡልጋ እየተዘዋወሩ ነው። ሲከበቡ ሰዉን በትንንሽ ቡድን በትነው ይወጣሉ፤ ከበባው ሲላላ እንደገና ይሰበሰባሉ።

በዚህ መንገድ ሲዋጉ የጦሩ ጥንካሬ ሸክም መሆን ጀመረ። በአንድ አምባ ላይ 100 ሰው ያለበት ምሽግ ይታሰብ። ምሽጉ በመትረየስና በሽቦ የታጠረ ነውና አርበኛው ሊደፍረው አይችልም። ነገር ግን 100 ሰው በቀን አንድ ኩንታል ያህል ስንቅ ይፈጃል፤ በሳምንት የሰባትና የስምንት በቅሎ ጭነት ማለት ነው። ውሃና ማገዶም ከውጭ ይመጣል። አርበኛው ምሽጉን ትቶ መንገዱን ይጠብቃል። ጭነቱ በጠባብ ገደል ወይም በወንዝ ማቋረጫ ሲያልፍ ደፈጣ ይገጥመዋል፤ ተኩሱ ረጅም አይሆንም፤ አርበኛው ጠመንጃና ጥይት ለቅሞ በማያሳድዱት አቀበት ይወጣል። የሚቀጥለው ጭነት አጀቡ በእጥፍ መጨመር አለበት። አጃቢው ከየት ይመጣል? ከሌላ ምሽግ ተቀንሶ ነው፤ ያም ምሽግ ይሳሳል። የመንገድ ጠባቂው፣ የድልድይ ጠባቂውና አጃቢው እየበዙ ሲሄዱ አርበኛውን ተከታትሎ ሊያጠቃ የሚችለው ጦር ይመነምናል። የአርበኛው መሣሪያም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የጠላቱ ግምጃ ቤት የእሱም ግምጃ ቤት ነበር።

ጣልያኖች በጥቂት ዓመት ውስጥ የሠሯቸው መንገዶች እስከ ዛሬ የሚነገርላቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ የሚሄዱት መንገዶች ጦርን በፍጥነት ለማድረስ ጠቅመዋል። ሆኖም መንገዱ ካሚዮኑ የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይናገራል። በበቅሎ የሚዘዋወር ጦር በአሥር መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ በሞተር የሚዘዋወረው ግን የሚመጣው በአንዱ ብቻ ነው።

የሕዝቡ ጉዳይ በጎጃም በግልጽ ታየ። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ሲገቡ የገጠማቸው ተቃውሞ ቀላል ነበር። አገሩ በሸዋ መኳንንት አስተዳደር ላይ ቅሬታ ነበረው፤ ብዙው ሰው የአዲሱን ገዥ ጠባይ ለማየት ዝም ብሎ ጠበቀ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሁለት ነገሮች ተከታተሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሰላማዊ ሰው ተጨፈጨፈ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ ገዳም ተመታ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም በመጀመሪያው ግድያ ብቻ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን አስታውቋል። ወሬው አገር ለአገር ሲዛመት የጎጃም ገበሬ ጠመንጃህን አስረክብ ይባል ጀመር። ጠመንጃ ለገበሬው ከብቱንና ርስቱን የሚጠብቅበት፣ በሰው ፊት የሚከበርበት ንብረት ነው። በዚህ ላይ መሬቱ ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ተጨመረ።

በ1929 ክረምትና በ1930 መባቻ ጎጃም ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና በቢቸና በኩል ወጣቱ በላይ ዘለቀ በየአካባቢያቸው ተዋጉ። በየወረዳው የተቀመጡት ትንንሽ የጣልያን ሰፈሮች ተጠቁ፣ ተከበቡ፤ ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር የሚወጣ ጦር ያለ ብዙ አጀብ መንቀሳቀስ አቃተው። በጊዜውም ላስታ ውስጥ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ በበጌምድር ውብነህ አሞራው፣ በምዕራብ ሸዋ ገረሱ ዱኪ ይዋጉ ነበር። አንድ ማዕከል አልነበራቸውም። ይህ ድክመት መሆኑ እውነት ነው፤ ለጣልያኖች ግን ሌላ ችግር ፈጠረ፤ አንዱን መሪ ቢገድሉ ሌላው አገር አይፈታም ነበር።

መደበኛ ጦር እንዲህ ያለ አመፅ ሲገጥመው በሚያውቀው መንገድ ይመልሳል፤ ብዙ ጦር ሰብስቦ አገሩን ያስሳል። ጄኔራል ካቫሌሮ በ1930 በጋ በጎጃም፣ ቀጥሎም በሸዋ ትልልቅ ዘመቻ አደረገ። ዘመቻው በወረቀት ላይ ይሳካል፤ ከተሞች ነፃ ይወጣሉ፣ አርበኛው ይሸሻል፣ የተገደለው ይቆጠራል። ከተቆጠረው መካከል ስንቱ አርበኛ፣ ስንቱ ገበሬ እንደሆነ ግን የሚያጣራ የለም። ቆላ የወረደው፣ የዓባይን በረሃ የተሻገረው ወይም ጠመንጃውን ቀብሮ ሞፈር የያዘው አርበኛ በሪፖርቱ እንደ ተሸነፈ ይጻፋል። ዝናቡ ሲመጣ ዘመቻው ይቆማል፤ በሚቀጥለው ወር ያው ሰው በዚያው ገደል ይገኛል። ዘመቻ ከተሳካ በኋላ ዋናው ምልክት የሞተው ቁጥር ሳይሆን ያለ አጀብ መሄድ የሚቻልበት መንገድ መርዘሙ ነው፤ ይህ ደግሞ በጎጃም ብዙም አልረዘመም።

ዘመቻው አርበኛውን ሲያጣው የሚያገኘው መንደሩን ነው። ቤት ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል። በ1931 ሚያዝያ በመንዝ ዘረት የተባለ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ ተርፈው የወጡት ብዙዎች ተረሸኑ። በዋሻው ከነበሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ያለ ጭካኔ ለአጭር ጊዜ ያስፈራ ይሆናል። ነገር ግን ገለልተኛ ሆኖ መትረፍ እንደማይቻል ለሕዝቡ ያስተምራል፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ጫካ መግባት ከመቀመጥ የባሰ አደጋ አይሆንበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ 1930 ግራዚያኒ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን መተካቱ ሮም ራሷ ይህን በከፊል መረዳቷን ያሳያል። አዲሱ እንደራሴ ለዘብ ያለ አስተዳደር ሞከረ፤ ሹመትና ምሕረት ሰጠ። የፈሰሰው ደም ግን ቀድሞታል።

የሽምቅ ውጊያ በመጨረሻ የሚወሰነው በመረጃ ነው። ጦሩ አርበኛውን ካገኘው ይገድለዋል፤ ችግሩ ማግኘቱ ነው። አርበኛው የጦሩን ሰፈር፣ የሚነሣበትን ቀንና የሚሄድበትን መንገድ ያውቃል፤ ጦሩ ግን ከፊቱ ካለው ገበሬ የትኛው ትናንት እንደተኮሰበት አያውቅም። በከተሞች ይህን ሥራ የሚሠሩት የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ቀን ለጣልያን እየሠሩ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና ወሬ ወደ ጫካ ይልካሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዷ ናቸው፤ ተይዘው ተሠቃይተው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ጣልያኖችም በበኩላቸው የአገሩን ሰው በባንዳነት መልምለው ያዘምቱ ነበር። ባንዳው አገሩንና ቋንቋውን ያውቃልና ለአርበኛው ከአውሮፕላን የበለጠ አደገኛ ነበር። ግን ዘመዱ ጫካ ነው፤ ዛሬ ለጣልያን የተዋጋው ነገ ከነጠመንጃው ሊከዳ ይችላል፤ ብዙዎችም ከድተዋል። ጦሩ በባንዳ ባይጠቀም ዕውር ይሆናል፤ ቢጠቀም ደግሞ ጠላቱን ሊያስታጥቅ ይችላል።

ድርድርም ለሽምቅ ተዋጊው መሣሪያ ነው። ጣልያኖች አበበ አረጋይን ለማስገባት በ1931 እና በ1932 ረጅም ንግግር አድርገዋል። እሳቸው የመግባት ተስፋ እየሰጡ ጦራቸውን አሳረፉ፣ ስንቅ ሰበሰቡ፤ መግባቱ ግን አልሆነም። ጊዜ ለወራሪው ወጪ፣ ለአርበኛው ትርፍ ስለሆነ የዘገየው ሁሉ የሚጠቅመው አንዱን ወገን ነበር።

ይሁን እንጂ ስልቱ ወሰን አለው፤ ስለ አርበኞች ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አርበኞቹ በአምስቱ ዓመት አንድም ዋና ከተማ ይዘው ማቆየት አልቻሉም፤ መድፍ አልነበራቸውም። መሪዎቹ በማዕረግና በግዛት ይጣሉ ነበር፤ በጎጃም አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተታኩሰዋል። ጦሩን የሚቀልበው ገበሬም ለሁለት ጌታ ይገብር ነበር፤ ቀን ጣልያን፣ ሌሊት አርበኛ እህሉን ይጠይቀዋል። ቻይናዊው ማኦ ዜዱንግ የሽምቅ ውጊያ በሂደት ወደ መደበኛ ጦርነት ካላደገ ድል እንደማያመጣ የጻፈው በእነዚያው ዓመታት ነው፤ በኢትዮጵያ ያ እድገት የመጣው ከውጭ በተገኘ እርዳታ ነው።

ጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ሲሻገሩ አብሯቸው የነበረው፣ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ ሰው የማይበልጥ ነበር። በጎጃም የነበረው የጣልያን ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ሆኖም ጣልያኖቹ ከኋላቸው ያለው አገር ሁሉ ጠላት መሆኑን ስለሚያውቁ ከፊታቸው የመጣውን ጦር ከሆነው በላይ ገመቱት። መጀመሪያ ቡሬን፣ ቀጥሎ ደብረ ማርቆስን ለቀቁ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ በዚያው ዕለት ከኬንያ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣልያንን በከረንና በደቡብ የሰበረው መደበኛ ጦር ነው፤ ያ ጦር በፍጥነት ሊገሰግስ የቻለው ግን የኢጣልያ ጦር በመላው አገር ተበትኖ፣ ምሽግና መንገድ በመጠበቅ ለዓመታት ስለታሰረ ጭምር ነው።

መደበኛ ጦር ሽምቅ ተዋጊን ያሸነፈባቸውም ጦርነቶች አሉ። ብዙ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 እንግሊዞች በማላያ ከኮሙኒስት አማፅያን ጋር ያደረጉት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጦሩ እንደ ካቫሌሮ ደኑን ሲያስስ ቆየ፤ ብዙም አላገኘም። በ1950 ጄኔራል ብሪግስ ዘዴውን ቀየረው። አማፅያኑ የሚበሉት በደን ዳር ከሰፈሩ ቻይናውያን ገበሬዎች ስለነበር፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው በሽቦ ወደ ታጠሩ አዳዲስ መንደሮች ተወሰደ። ሩዝ በራሽን ሆነ። በአንዳንድ ቦታ ሩዙ ተደብቆ እንዳይወጣ በጋራ ማዕድ ቤት ተቀቅሎ ይታደል ነበር፤ የተቀቀለ ሩዝ በዚያ ሙቀት በአንድና በሁለት ቀን ይበላሻል። የቆርቆሮ ምግብም ሲሸጥ ሱቁ ላይ ይበሳል። የተራበው አማፂ ከደን ሲወጣ ጦሩ ይጠብቀዋል። እንግሊዞች ለሰፋሪዎቹ የመሬት ባለቤትነት ሰጡ፣ ለአገሩም ነፃነት ቃል ገቡ፤ ማላያም በ1957 ነፃ ወጣች፤ የአማፅያኑ ዋና መፈክር ከእጃቸው ተወሰደ።

ይህ ዘዴ ሌላ ቦታ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ያልሠራበት ምክንያት በማላያ የተሟሉት ሁኔታዎች ናቸው። አማፅያኑ በአብዛኛው ከአንድ ወገን የወጡ በመሆናቸው ብዙሃኑ ማላይ አልተከተላቸውም፤ የሚያስታጥቃቸው ጎረቤት አገርም አልነበረም። መንደር ማፈናቀሉም ቢሆን በሰፋሪው ላይ ከባድ ግፍ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ ስሌቱ አልተለወጠም፤ ከፍ ባለበት ጊዜ እንኳ ከስምንት ሺህ ያልበለጠ ተዋጊ ለማጥፋት 40 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከ60 ሺህ በላይ ፖሊስና 250 ሺህ የሚደርስ የመንደር ዘበኛ ተሰልፎ 12 ዓመት ፈጅቷል።